ሌሊት የሚነሳ የውሃ ግፊት፦ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ እንዴት ይገጠማል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

ቀን ላይ ደህና የሚመስል ቧንቧ ሌሊት ሌላ ጠባይ ያመጣል። ሻወሩ ይንጠባጠባል፣ የሽንት ቤቱ ታንከር ሲያፏጭ ያድራል፣ ከሲንኩ ሥር ያለችው ተጣጣፊ ቱቦ አንድ ቀን ትፈነዳና ቤተሰቡ ሲነቃ ወለሉ ኩሬ ሆኖ ያገኘዋል። ሰው ቱቦውን ይቀይራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ቱቦ ተመልሶ ይፈነዳል። ጥፋቱ የቱቦው ሳይሆን የመስመሩ ግፊት ነው።

መፍትሔው ግፊት መቀነሻ ቫልቭ ነው፤ ሱቅ ስትሄዱ «ፕሬሸር ሪዲዩሰር» ብትሉ ይገባቸዋል። ችግሩ ግን ብዙ ሰው ገዝቶ ካስገጠመ በኋላ «አልሠራም» ብሎ ያስወልቀዋል። ቫልቩ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ግፊቱ የተለካው ቀን ላይ ነው፣ ወይም መስመሩ ሳይታጠብ ቫልቩ ገብቷል፣ ወይም ማስተካከያው የዞረው ውሃ እየፈሰሰ ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል እነዚህን ሦስት ስህተቶች ለመዝጋት የተጻፈ ስለሆነ፣ አንዱን ደረጃ ዘላችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ።

ምሳሌ የምናደርገው አንድ ቤት ነው፦ ደብረ ማርቆስ፣ ቁልቁለት ላይ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ ከቆጣሪው የሚወጣ ሦስት ሩብ ኢንች መስመር፣ ውስጡ ፒፒአር ቧንቧ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት፣ አንድ ወጥ ቤት፣ 80 ሊትር ቦይለር። የከተማው ማጠራቀሚያ ከዚህ ቤት 75 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል እንበል።

ደረጃ 1፦ ግፊቱን ሌሊት ለኩ

ውሃ በየ10 ሜትር የከፍታ ልዩነት 1 ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው 75 ሜትር ከፍ ካለ፣ ውሃው ቆሞ ሳለ ቤቱ በር ላይ 7.4 ባር ገደማ ይደርሳል። ቀን ግን ሰፈሩ ሁሉ ይቀዳል፤ ውሃው በረጅሙ መስመር ውስጥ ሲሮጥ ግፊቱ በሰበቃ ይበላል። በዚሁ ቤት ቀትር ላይ ብትለኩ 4 ባር ልታገኙ ትችላላችሁ። «4 ባር ምን አላት?» ብላችሁ ትተዉታላችሁ፤ ቱቦውን የሚያፈነዳው ግን ሰፈሩ ተኝቶ ውሃው ሲቆም የሚመጣው ሰባቱ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ከ0 እስከ 10 ባር የሚያነብ ጌጅና ጌጁን ከጓሮ ቧንቧ አፍ ጋር የሚያገናኝ ኒፕል ነው። የምትጠብቁት ግፊት ከ8 ባር በላይ ከሆነ እስከ 16 የሚያነበውን ውሰዱ፤ ጌጅ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ከሠራ ቶሎ ይሞታል። ከመግጠማችሁ በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን እዩ። አብዛኞቹ ጌጆች ሁለት ረድፍ ቁጥር አላቸው፤ ባሩንና ፒኤስአዩን አትደባልቁ፣ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

1. ለቆጣሪው ቅርብ የሆነውን የጓሮ ቧንቧ ምረጡና ጌጁን ግጠሙ።
2. በቤቱ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ። ሮቶ እየሞላ ከሆነ ወደ ሮቶ የሚሄደውንም ዝጉ። አንዲት የምትንጠባጠብ ቧንቧ ብዙም አታሳስትም፤ እየሞላ ያለ ሮቶ ግን ያሳስታል።
3. የጓሮውን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ቀትር ላይ አንብቡ፣ ምሽት ላይ አንብቡ፣ ከዚያ ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ አንብቡ። ቁጥሩን ጻፉት።
4. ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ድገሙት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ተራው የእናንተ በሆነበት ሌሊት ካልለካችሁ ያነበባችሁት ዋጋ የለውም።

የሌሊቱ ንባብ ከ5 ባር በታች ከሆነ ቫልቭ አያስፈልጋችሁም፤ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጎማ ቀይሩ። ከ5.5 ባር ካለፈ ግጠሙ። በምሳሌው ቤት ቀን 4፣ ሌሊት 7.4 ተነቧል።

ደረጃ 2፦ ቫልቩን ምረጡ

ቫልቩ ውስጥ ሞላ አለ፤ ሞላው መክፈቻውን ወደ ክፍት ይገፋዋል። ከቫልቩ በኋላ ያለው ውሃ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ዲያፍራም የሚባለውን ጎማ ገፍቶ መክፈቻውን መቀመጫው ላይ ይዘጋዋል። ከላይ ያለው ብሎን ሞላውን ስለሚያጠብቅና ስለሚያላላ፣ የምትመርጡት ግፊት የሚወሰነው በእሱ ነው። ይህን አንዴ ካወቃችሁ የሚቀጥሉት ብልሽቶች ሁሉ ይገቧችኋል፤ ምክንያቱም ግማሹ ችግር የሚመጣው መቀመጫው ላይ ከተሰነቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ነው።

መጠኑን በቧንቧው ስፋት ብቻ አትምረጡ። ሦስት ሩብ ኢንች ቫልቭ በሰዓት 2 ሜትር ኪዩብ ውሃ ያለ ጩኸት ያሳልፋል፤ ሁለት መታጠቢያ ላለው ቤት ይህ ይበቃል። አንድ ቧንቧና አንድ ሻወር ብቻ ላለው ቤት ግማሽ ኢንች ይበቃል። «ትልቅ ይሻላል» ብሎ የአንድ ኢንች መግዛት ስህተት ነው፤ ትልቅ ቫልቭ ትንሽ ውሃ ሲያልፍበት መክፈቻው ከመቀመጫው እምብዛም ሳይላቀቅ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል፣ መቀመጫውንም ቶሎ ይበላዋል።

ሌላው የመግቢያውና የመውጫው ንጽጽር ነው። የሚገባው ግፊት ከሚወጣው ከሦስት እጥፍ በላይ ባይሆን ይመረጣል። የእኛ ቤት 7.4 ገብቶ 3 ይወጣል፤ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ስለሆነ አንድ ቫልቭ ይበቃል። ሌሊት 12 ባር የሚደርስ ቤት ቢያጋጥማችሁ ግን አንዱ ወደ 6፣ ሁለተኛው ከ6 ወደ 3 የሚያወርዱ ሁለት ቫልቮች በተከታታይ ይገጠማሉ። በአንዱ ብቻ ብትገፉት ውሃው መቀመጫው ላይ አረፋ እየፈጠረና እያፈነዳ ነሐሱን ይቦረቡረዋል፤ ከቫልቩ ውስጥ ጠጠር የሚንከባለል የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው።

ስትገዙ አራት ነገር እዩ፦ አካሉ የነሐስ መሆኑን፣ የሚችለው የመግቢያ ግፊት 16 ባር ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ መጻፉን፣ የማስተካከያው ክልል ከ1 እስከ 6 ባር ገደማ መሆኑን፣ የጌጅ ማስገቢያ ቀዳዳ እንዳለው። ማጣሪያ ወንፊት ውስጡ ያለውና ሳይወልቅ የሚጸዳው ከተገኘ እሱን ውሰዱ።

ደረጃ 3፦ ቦታውንና ቅደም ተከተሉን ወስኑ

ቫልቩ የሚገባው ከቆጣሪው በኋላ ነው። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመርና የቆጣሪው ማኅተም የውሃ አገልግሎቱ ነው፤ አትንኩት። የጓሮ ቧንቧችሁም ከቫልቩ በኋላ እንዲሆን ጣሩ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ጎማ ቱቦው እንደ በፊቱ እየፈነዳ «ቫልቩ አይሠራም» ይላል።

ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ቦል ቫልቭ
2. ማጣሪያ፣ ቫልቩ ውስጡ ከሌለው
3. ዩኒየን፣ ቧንቧ ሳይቆረጥ የሚፈታ መገጣጠሚያ
4. ግፊት መቀነሻው፣ ቀስቱ ወደ ቤቱ ሆኖ
5. ጌጅ
6. ዩኒየን
7. ሁለተኛ ቦል ቫልቭ

ሁለተኛውን ቦል ቫልቭ «ወጪ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ከተዋችሁት ማጣሪያውን ባጸዳችሁ ቁጥር በፎቁ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ በራሳችሁ ላይ ይወርዳል፤ ብልሽትም ሲፈለግ ቤቱን ለይቶ መፈተኛ መንገድ አይኖራችሁም። ዩኒየኖቹም እንዲሁ ናቸው፤ ያለ እነሱ የተገጠመ ቫልቭ የሚወልቀው ቧንቧ ተቆርጦ ነው።

የማጣሪያው ክዳን ወደ ታች ይዙር፣ ቆሻሻው እዚያ እንዲወርድ። ማስተካከያው ብሎን ወደ ላይ ይሁን፤ ካቻቢቴና እጅ የሚገባበት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተዉለት። የቆጣሪ ሳጥን ጉድጓድ ውስጥ ቀብራችሁ ክረምት ጎርፍ የሚሞላበት ቦታ አታድርጉት፤ ጌጁ በአንድ ክረምት ይበላሻል፣ ቫልቩም ሲያፈስ አይታይም።

ሮቶ ካላችሁ

ቤቱ ውሃ የሚያገኘው ሁልጊዜ ከሮቶ ብቻ ከሆነ፣ የመስመሩ ግፊት ሮቶው ሲሞላ ውሃውን በሚዘጋው ፍሎተር ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሮቶው ከፍታ ብቻ ነው። ያኔ የሚሰቃየው ፍሎተሩ ስለሆነ ቫልቩ ወደ ሮቶ በሚወጣው መስመር ላይ ይበቃል። ቤቱ ከመስመሩም ከሮቶም የሚጠጣ ከሆነ ግን ወደ ቤቱና ወደ ሮቶው የሚሄዱትን መስመሮች ከቫልቩ በኋላ ለዩአቸው፤ ከሮቶ ወደ ቤት በሚወርደው ላይም ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ይኑር። 3 ባር ውሃን 30 ሜትር ገደማ ስለሚያወጣ «ሮቶው አይሞላም» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። የሚገባው ግፊት ከተመደበው በታች ሲሆን ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ስለሚከፈት፣ ግፊቱ ሲደክም በነበረው ላይ የሚቀንሰው ትንሽ ነው። ግፊት ግን ከቶ አይጨምርም፤ ቀን ላይ 1 ባር ብቻ የሚመጣበት ቤት ከቫልቩ 3 መጠበቅ የለበትም።

ደረጃ 4፦ ዝጉ፣ ቁረጡ፣ እጠቡ

1. የቦይለሩን ብሬከር አጥፉ። ውሃ በሌለበት ከበራ ማሞቂያው ይቃጠላል።
2. ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዝጉ። ከዚያ ታችኛውን ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስወጡ። ውሃው መንጠባጠቡን ካላቆመ መዝጊያው አይዘጋም ማለት ነው፤ እዚያው ቁሙ። የማይዘጋ መዝጊያ ይዞ ቧንቧ መቁረጥ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ መቅዳት ነው። የቆጣሪውን መዝጊያ እንዲያስተካክሉ ለውሃ አገልግሎቱ አመልክቱ።
3. ቧንቧው የቆየ ብረት ከሆነ የኤሌክትሪክ መሬት ማሰሪያ ሽቦ ተያይዞበት እንደሆነ አስቀድማችሁ ፈትሹ። ካለ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦውን በሚቆረጠው ቦታ አሻግሮ እስኪያገናኝ ድረስ አትቁረጡ።
4. ቁረጡ። የቆየ ብረት ቧንቧ ስትፈቱ ሁልጊዜ ሁለት መፍቻ ያዙ፤ አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ተቃራኒውን ይይዛል። በአንዱ ብቻ ከታገላችሁ የሚሰበረው የምትፈቱት ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለው ክር ነው።
5. እጠቡ። መጀመሪያ የመግቢያውን ቦል ቫልቭ ብቻ ግጠሙ። አፉ ላይ ቱቦ አድርጉና ወደ ነጭ ባልዲ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት።

ይህችን አምስተኛዋን ተራ አትቸኩሉባት። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም፣ ወይም መስመር ተሰብሮ ሲጠገን፣ ውሃው ሲመለስ አየርና ደለል ይዞ ነው የሚመጣው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ቀይ አፈር ይቀላቅላል። የቆየ የብረት መስመር የዛገ ቅርፊት ይጨምርበታል። የመጀመሪያው ባልዲ ጥቁር ቡኒ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ቡኒ፤ ሦስተኛው የጠራ ይመስላል። ጥራቱ አያታልላችሁ፤ ባልዲውን ለአምስት ደቂቃ አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ አፍስሱት። ሥሩ ላይ አሸዋ ከቀረ ገና ነው። ሥሩ ነጭ እስኪሆን ድረስ ቀጥሉ። ፒፒአር ከተቆረጠና ከተበየደ ደግሞ የፕላስቲክ ፍርፋሪ አለ፤ እሱም በዚሁ ይወጣል።

ደረጃ 5፦ ግጠሙ

1. ቫልቩ አካል ላይ ያለውን ቀስት ፈልጉ። ቀስቱ ከቆጣሪው ወደ ቤቱ ይጠቁም። ተገልብጦ የተገጠመ ቫልቭ ውሃውን ያፍናል፣ ማስተካከያው ቢዞርም ለውጥ አያሳይም።
2. ቴፍሎኑን ወንዱ ክር ላይ ክሩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ከ8 እስከ 12 ዙር ጠቅልሉ። የመጀመሪያውን አንድ ክር ባዶ ተዉት፤ ጫፉ ላይ ያለ ቴፍሎን ተቀድዶ ወደ ቫልቩ ይገባል፣ መቀመጫው ላይም ይጣበቃል። ቃጫ የምትጠቀሙም እንዲሁ ጫፉን ነፃ አድርጉ።
3. በእጅ እስከሚሄድ አጥብቁ፣ ከዚያ በመፍቻ ከአንድ እስከ ሁለት ዙር ጨምሩ። መፍቻው የሚያርፈው ቫልቩ አካል ላይ ባለው ባለ ስድስት ማዕዘን ላይ ነው፤ የሞላውን ኮፍያ ይዛችሁ አታዙሩ። ቴፍሎን አብዝቶ በኃይል ማጥበቅ የነሐሱን አፍ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ወዲያው አይታይም፣ በሳምንቱ ማላብ ይጀምራል።
4. ፒፒአር ከሆነ መጀመሪያ ብየዳውን ጨርሱ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በዩኒየን አገናኙ። ቫልቩ ተገጥሞ ሳለ አጠገቡ መበየድ ሙቀቱን ወደ ዲያፍራሙ ይወስደዋል።
5. ቧንቧውን ከቫልቩ ግራና ቀኝ በማሰሪያ ግድግዳው ላይ ያዙት። ቫልቩ የቧንቧውን ክብደት መሸከም የለበትም።

ደረጃ 6፦ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ

መውጫውን ቦል ቫልቭ ክፈቱ፤ ፎቅ ላይ ያለውን የመጨረሻ ቧንቧም ክፈቱ። ከዚያ የመግቢያውን ቦል ቫልቭ ሩብ ያህል ብቻ ክፈቱ። መስመሩ እያነጠሰ አየር ይተፋል፤ ማነጠሱ እስኪያቆም ጠብቁ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ክፈቱና የፎቁን ቧንቧ ዝጉ። በአንድ ጊዜ በርግዶ መክፈት የተከማቸውን አየርና ውሃ በዲያፍራሙ ላይ ይወረውረዋል።

መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ነካ ነካ አድርጉ። የረጠበ ካለ ዝጉ፣ ግፊቱን አውጡ፣ ፈትታችሁ ቴፍሎኑን በአዲስ ቀይሩ። ግፊት እያለ «ትንሽ ልጨምርለት» ብሎ ማጥበቅ አይገባም። ጠብቆ የነበረን ክር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስም እንዲሁ፤ ያፈሳል።

ደረጃ 7፦ አስተካክሉ

አብዛኛው ቫልቭ ከፋብሪካ 3 ባር ላይ ተስተካክሎ ይመጣል። ለእኛም ቤት የምንፈልገው 3 ነው፦ የፎቁ ሻወር ከቫልቩ 6 ሜትር ከፍ ካለ 0.6 ባር ይቀንስና 2.4 ይደርሰዋል፤ ለሻወርም ለቦይለርም በቂ ነው። ነገር ግን የፋብሪካውን ቃል አትመኑ፣ ጌጁን እመኑ።

ጊዜውን ምረጡ። የሚገባው ግፊት ከምትፈልጉት ቢያንስ በ1 ባር መብለጥ አለበት። ቀን ላይ መስመሩ 2.5 ባር ብቻ ከሆነ ማስተካከያውን እስከ ጥግ ብታዞሩትም ጌጁ 3 አይልም፤ ሌሊት ግን ያዞራችሁት ሁሉ ተደምሮ ይመጣል። ለዚህ ነው ምሽት ከ3 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የሚሻለው።

ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ማንበብ ውሃው ቆሞ፣ ዝቅ ካደረጋችሁ በኋላ ግን መጀመሪያ ቧንቧ ከፍቶ መዝጋት። ለምን? ማስተካከያውን ስታላሉ ቫልቩ ይዘጋል እንጂ ከእሱ በኋላ ቧንቧ ውስጥ ታፍኖ ያለውን ውሃ አያስወጣም። ስለዚህ ጌጁ የድሮውን ቁጥር ይዞ ይቆያል። ሰው ይህን ሳያውቅ «አልወረደም» እያለ ያላላል፣ ያላላል፤ ኋላ ሻወር ሲከፈት ውሃው ጠብ ማለት ያቅተዋል።

1. ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉ። ቦይለሩ ጠፍቶ ይቆይ።
2. ኮፍያውን አንሱ፣ መቆለፊያ ነት ካለው አላሉት።
3. አንብቡ። ጌጁ 3.8 አለ እንበል።
4. ማስተካከያውን ወደ ግራ አንድ ሙሉ ዙር አላሉ። ወደ ግራ ግፊት ይቀንሳል፣ ወደ ቀኝ ይጨምራል።
5. የወጥ ቤቱን ቧንቧ ለ10 ሰከንድ ክፈቱና ዝጉ። ግማሽ ደቂቃ ጠብቁና አንብቡ። አሁን 2.6 አለ።
6. አሁን ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ጨምሩ፤ እንደገና ከፍታችሁ ዝጉ፣ አንብቡ። 2.8። ሌላ ሩብ ጨምሩ። 3.0።
7. ነቱን አጥብቁ። ማጥበቁ ብሎኑን ይዞት ሊዞር ስለሚችል እንደገና አንብቡ።

መጀመሪያ ከሚፈለገው በታች ወርዶ ከዚያ ወደ ላይ መውጣት የተጻፈው በዘፈቀደ አይደለም፤ ሞላውና ጎማው ሰበቃ ስላላቸው ሁልጊዜ እየጨመራችሁ የደረሳችሁበት ቁጥር ይጸናል፣ እየቀነሳችሁ የደረሳችሁበት በማግስቱ ፈቀቅ ይላል።

አሁን የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሙሉ ክፈቱና ጌጁን እዩ። ከ3 ወደ 2.5 ገደማ ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ቫልቩ እንዲከፈት ግፊቱ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ ተሳስታችሁ ውሃ እየፈሰሰ 3 እስኪል ብታጠብቁት፣ ቧንቧው ሲዘጋ 3.5 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ወደ 1 ከወረደ ግን ሌላ ነገር አለ፦ ወይ ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወይ ቫልቩ አንሷል፣ ወይም የሚገባው ውሃ ራሱ ደክሟል።

ደረጃ 8፦ የሌሊት ፈተና

ቦይለሩ እንደጠፋ፣ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ጌጁን አንብቡ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አንዴ ተነስታችሁ ደግማችሁ አንብቡ። 3.0 የነበረው 3.2 ቢሆን ግድ የለም። 5 ወይም 7 ከሆነ ቫልቩ እየዘጋ አይደለም፤ ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ። ይህችን አንድ ሌሊት የሰነፈ ሰው ቫልቩ መሥራቱን አያውቅም፤ ቀን ላይማ ሁሉም ቫልቭ የሚሠራ ይመስላል።

ሲበላሽ፦ ምኑን ነው የምታዩት?

ጌጁ ቀስ እያለ ይወጣል። ሁለት ምክንያት አለው፤ የሚለየውም ቦይለሩ ነው። ቦይለሩን አጥፉ፣ አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ዝጉ፣ ለግማሽ ሰዓት ጌጁን ተመልከቱ።

ቦይለሩ ጠፍቶም ከወጣ መቀመጫው ላይ ቆሻሻ አለ። ሁለቱን ቦል ቫልቮች ዝጉ፣ በጌጁ በኩል ግፊቱን አውጡ፣ ማስተካከያውን ሙሉ በሙሉ አላሉ፤ ይህ ሞላው ተጨምቆ ሳለ ክዳኑ ሲከፈት እንዳይፈናጠር ነው። ከዚያ ክዳኑን ፍቱ፣ ውስጡን አውጡ፣ መቀመጫውንና ጎማውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በጣት ጥፍር ጠርዙን ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ጎማው ላይ የተቀረጸ ጉድጓድ ካለ ማጠብ አይረዳም፤ የውስጥ ዕቃው መቀየር አለበት። አሸዋ ወረቀት አትጠቀሙ። ከገጠማችሁ በኋላ ከደረጃ 7 ጀምሩ።

ቦይለሩ ሲጠፋ ጸጥ ብሎ፣ ሲበራ ብቻ ከወጣ ቫልቩ ጤነኛ ነው። ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ በመቶ ተኩል ያህል ይሰፋል፤ 80 ሊትሩ 1.2 ሊትር ይጨምራል። ድሮ ይህ ትርፍ ወደ ከተማው መስመር ይመለስ ነበር፤ አሁን ቫልቩ መንገዱን ስለዘጋው ግፊት ይሆናል። የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭ ሲሞቅ ብቻ ጥቂት ጠብ ጠብ ካለ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሽ ምሩት እንጂ በምንም ዓይነት አትድፈኑት። የደፈነ ሰው ቦይለሩን ወደ ቦምብ ቀይሮታል። ጠብታው ካስቸገራችሁ ትርፉን ውሃ የሚቀበል 5 ወይም 8 ሊትር የማስፋፊያ ጋን ይገጠማል። ውሃ ሳይገባበት በመኪና ጎማ መንፊያ 3 ባር አየር ሙሉት። ቦታው በሴፍቲ ቫልቩና በቦይለሩ መካከል ባለው ቀዝቃዛ መስመር ላይ ነው፤ ሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ ቼክ ቫልቭ ሊኖር ስለሚችል ከእሱ በፊት የተገጠመ ጋን ትርፉን ላያገኘው ይችላል።

ውሃው ደክሟል። ማስተካከያውን ከመንካታችሁ በፊት ማጣሪያውን አጽዱ። ከክረምት በኋላ አሥር ጊዜ ቢመጣ ዘጠኙ እሱ ነው። ማጣሪያው እንደተደፈነ ብሎኑን ካጠበቃችሁ፣ ባጸዳችሁት ቀን ቤቱ ውስጥ 5 ባር ይገባል።

ይጮሃል ወይም ይንቀጠቀጣል። አንድ ቧንቧ በትንሹ ሲከፈት ብቻ ከሆነ ቫልቩ ለቤቱ ትልቅ ነው። ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ ግድግዳ የሚመታ ከሆነ ያልታሰረ ቧንቧ ፈልጉ።

ከሞላው ኮፍያ ቀዳዳ ውሃ ይወጣል። ዲያፍራሙ ተቀዷል። ኮፍያውን ማጥበቅ አይጠቅምም፤ ዲያፍራሙን ወይም ቫልቩን ቀይሩ።

ከዚያ በኋላ

ማጣሪያውን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ አጽዱ፤ ቧንቧው ሲቆረጥ የተነቀነቀ ቅርፊት መውጣት ይቀጥላል። ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፦ አንዱ መስከረም ላይ ክረምቱ እንደወጣ፣ ሌላው በበጋው አጋማሽ። በሰፈሩ መስመር ተሰብሮ ከተጠገነ ደግሞ ቀኑን አትጠብቁ፤ ውሃው በተመለሰ ማግስት ክፈቱት። በየዓመቱ ማስተካከያውን አንድ ዙር ወደ ግራ፣ አንድ ዙር ወደ ቀኝ አንቀሳቅሳችሁ ወደ 3 መልሱት፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ብሎን በኖራ ተይዞ ሲፈለግ አይዞርም። የመግቢያውንና የመውጫውን የሌሊት ንባብ ከቀኑ ጋር በማርከር ቫልቩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ጻፉት፤ የሚቀጥለው ቧንቧ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ነው።